ደህናው ሳምንትሽ የቱ ነው?

ሦስት ሴቶች በተለያየ ቀን አንዲት ሐኪም ዘንድ ቀረቡ እንበል። መሠረት፣ ሰናይትና ገነት ብለን እንጥራቸው። ነገሩን ለማስረዳት ያቀናበርኳቸው እኔ ነኝ፤ የሚናገሩት ግን ብዙ ሴት በየቤቷ የምትናገረውን ነው። «የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል እኔ እኔ አይደለሁም። ሆድ ይብሰኛል። በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ። ልጆቼ ላይ እጮሃለሁ፤ መልሼ ደግሞ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ።» አንዷ ጨመር ሌላዋ ቀነስ ታድርገው እንጂ ሦስቱም ያሉት ይህንኑ ነው።

ሐኪሟ ሦስቱንም እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው። ከዚያ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ትእዛዝ ሰጠች፤ «እህቴ፣ አንድ ስኩዌር ደብተር ግዢ። ከዛሬ ማታ ጀምረሽ ለሁለት ወር፣ በየምሽቱ ከመተኛትሽ በፊት ቁጥር ጻፊበት። ከዚያ ደብተርሽን ይዘሽልኝ ነይ።»

ከሁለት ወር በኋላ ደብተሮቹ ሲገለጡ የታየው ሦስት የተለያየ ነገር ነው። መሠረት ያላት አብዛኛዋ ሴት የምታውቀው የተለመደ የስሜት ለውጥ ነበር። ሰናይት ያለባት ስም ያለው፣ ሕክምናም ያለው ሕመም ነው። ገነት ደግሞ ወሩን ሙሉ የማይለቃት ድብርት ነበረባት፤ የወር አበባዋ ሲቃረብ ይብስባት ስለነበር ችግሩ ከወር አበባ የመጣ መስሏት ኖራለች። በአፍ ሲነገር አንድ የነበረው ታሪክ በቁጥር ሲጻፍ ሦስት ሆነ። ይህ ጽሑፍ ደብተሩ ሦስቱን እንዴት እንደለያቸው ይናገራል።

ሁለቱ ስሞች

የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት አንዳች ለውጥ የማይሰማት ሴት ጥቂት ናት። ጡት ይወጠራል፣ ሆድ ይነፋል፣ ጣፋጭ ያምራል፣ ስሜት ይሳሳል። ለውጡ በየወሩ ተመላልሶ ሴቲቱን የሚያስቸግራት ሲሆን ባለሙያዎች ፒኤምኤስ ይሉታል። ነገሩ በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ መታወቅ የጀመረው በ1931 እ.ኤ.አ. ሮበርት ፍራንክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም «ከወር አበባ በፊት የሚመጣ ውጥረት» ብሎ ሲጽፍበት ነው። ዛሬ የምንጠቀምበትን ስም ካቲሪና ዶልተን እና ሬይመንድ ግሪን የተባሉ እንግሊዛውያን ሐኪሞች በ1953 አስተዋወቁ።

ፒኤምዲዲ ሌላ ነው። ሙሉ ስሙ ፕሪሜንስትሩዋል ዲስፎሪክ ዲስኦርደር ነው፤ በአማርኛ ከወር አበባ በፊት የሚመጣ ከባድ የስሜት መታወክ ልንለው እንችላለን። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ በመመሪያ መጽሐፉ አስገባው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ አካቶታል። ከ100 ሴቶች ከ2 እስከ 6 ገደማ የሚሆኑት ይህ ሕመም እንዳለባቸው ይገመታል።

በመመሪያው መሠረት አንድ ሐኪም ፒኤምዲዲ ብሎ ለመወሰን ከ11 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱን ማግኘት አለበት። ከ5ቱ ቢያንስ አንዱ ከአራቱ ዋና የስሜት ምልክቶች መሆን ይኖርበታል። አራቱም እነዚህ ናቸው፦ ስሜት ድንገት መገለባበጥ፣ ቁጣና ከሰው መጋጨት፣ ማዘንና ተስፋ መቁረጥ፣ ጭንቀት ወይም ውጥረት። የቀሩት ሰባቱ ደግሞ የሚወዱት ነገር ማስጠላት፣ ሐሳብ አለመሰብሰብ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ እንቅልፍ መብዛት ወይም መጥፋት፣ ነገር ሁሉ ከአቅም በላይ ሆኖ መታየት፣ በመጨረሻም እንደ ጡት መወጠርና ሆድ መነፋት ያሉት የሰውነት ምልክቶች ናቸው።

ምልክት መቁጠር ብቻውን ግን አይበቃም። ሥራን፣ ትምህርትን፣ ትዳርን ወይም ጉርብትናን የሚያናጋ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀኑን ጠብቆ መምጣትና ቀኑን ጠብቆ መሄድ አለበት። የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባለው ሳምንት ይመጣል፤ ደም ከታየ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሻል ይጀምራል፤ ከወር አበባ በኋላ ባለው ሳምንት ይጠፋል ወይም ሊጠፋ ምንም አይቀረውም።

ደም ተመርምሮ የማይገኝ ነገር

ብዙ ሴቶች ይህን ሲሰሙ በመጀመሪያ የሚጠይቁት «ሆርሞኔ ተዛብቶ ነው?» ብለው ነው። ለሆርሞን ምርመራ ብር ከፍለው «ውጤቱ ደህና ነው» ተብለው የተመለሱም አሉ። ውጤቱ እውነቱን ነው። ፒኤምዲዲ ያለባት ሴት ሆርሞን እንደ ማንኛዋም ሴት በጊዜው ይወጣል፣ በጊዜው ይወርዳል።

እንቁላል ከእንቁልጢ የሚወጣው ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ከፍ ይላል፤ እርግዝና ከሌለ ደግሞ ተመልሶ ይወርድና ደም ይመጣል። ይህ መውጣትና መውረድ በሁሉም ሴት ዘንድ አለ። የሚለየው አንጎል ለዚህ ለውጥ የሚሰጠው ምላሽ ነው።

ይህን በግልጽ ያሳየው በ1998 ፒተር ሽሚትና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ያደረጉት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከወር አበባ በፊት በጽኑ ለሚታመሙ ሴቶች የእንቁልጢን ሥራ ለጊዜው የሚያቆም መድኃኒት ሰጡ፤ ብዙዎቹ ተሻላቸው። ከዚያ ኤስትሮጅን ወይም ፕሮጄስትሮን በተለመደው መጠን መልሰው ሲሰጧቸው ሕመማቸው ተመለሰ። ምልክቱ ለሌለባቸው ሴቶችም ያንኑ አደረጉላቸው፤ እነርሱ ግን ምንም አልሆኑም። ሆርሞኑ አንድ ነው፣ መጠኑም አንድ ነው፤ የተቀበለው አንጎል ግን የተለያየ ነው።

እንግዲህ የደም ምርመራ ፒኤምዲዲን አይገልጥም ማለት ነው። የደም ማነስን ወይም የእንቅርት ሆርሞን ችግርን ለይቶ ለማወቅ ሊያስፈልግ ይችላል፤ እነርሱም ድካምና መነጫነጭ ያመጣሉና። ፒኤምዲዲን ለመለየት ግን ከቀን መቁጠሪያ ጋር የተያያዘ የዕለት መዝገብ ያስፈልጋል።

ለምን ትዝታ አይበቃም?

«እኔ ራሴን አላውቅም እንዴ?» የምትል ሴት አለች። ታውቃለች። ነገር ግን ካለፈው ወር ክፉው ቀን ከደህናው ቀን ይልቅ በአእምሯችን ጎልቶ ይቀራል። ማክሰኞ ከባለቤቷ ጋር ተጣልታ በማግስቱ የወር አበባዋ ከመጣ ሁለቱን አገናኝታ ትይዛቸዋለች። ከዚያ በፊት በነበረው ወር መካከል ላይ ተጣልታ ከነበረ ግን ጠቡን የሚያስታውስላት ደም የለም፤ ይረሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ «ሁልጊዜ ከወር አበባዬ በፊት ነው» የሚለው እምነት ይጠነክራል።

በዚህ ምክንያት በትዝታ ብቻ «አለብኝ» ያሉ ሴቶች መዝገብ ሲይዙ የብዙዎቹ ነገር ሌላ ሆኖ ይገኛል። መመሪያውም ስለዚህ ነው ውሳኔው ቢያንስ በሁለት ዙር በየዕለቱ በተሞላ መዝገብ እንዲጣራ የሚጠይቀው። እስከዚያ ድረስ ሐኪሙ «ሳይሆን አይቀርም» ሊል ይችላል እንጂ «ነው» ብሎ አይቆርጥም። አንድ ዙር የማይበቃውም በአንድ ወር ውስጥ የልጅ ሕመም፣ የፈተና ሳምንት ወይም ለቅሶ ከክፉው ሳምንት ጋር ሊገጥም ስለሚችል ነው። በሁለተኛው ዙር ያ አጋጣሚ አይደገምም፤ ሕመሙ ግን ይደገማል።

ደብተሩ እንዴት ይሰመራል?

በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የዕለት መዝገብ ጂን ኤንዲኮት እና ባልደረቦቿ በኒው ዮርክ ያዘጋጁትና በ2006 ያሳተሙት ነው። ቅጹ ባይገኝም አሠራሩን በተራ ደብተር መከተል ይቻላል።

በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች ከላይ የዘረዘርናቸው 11ዱ ምልክቶች ይጻፋሉ። ሁሉም ሴት በራሷ ቋንቋ ብትጽፈው ይሻላል። «የስሜት መገለባበጥ» ከማለት «ሳቄም ለቅሶዬም ቅርብ ነው»፣ «ከአቅም በላይ መሆን» ከማለት «ሁሉ ነገር ከብዶኛል» ቢባል ማታ ደክሟት ስታነበው ቶሎ ይገባታል። ከምልክቶቹ ሥር ሦስት መስመር ይጨመራል፤ አንዱ ሥራዬ ወይም የቤቴ ሥራ ተበላሽቷል ወይ የሚል፣ ሁለተኛው ከሰው መገናኘት ትቻለሁ ወይ የሚል፣ ሦስተኛው ከቤተሰቤና ከሰው ጋር ተጋጭቻለሁ ወይ የሚል። ከሁሉ በታች ለደም የሚሆን መስመር ይኖራል። ከላይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀኖቹ ይደረደራሉ። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ አንድ ገጽ ለአንድ ወር ይበቃል፤ ዙሩ ጳጉሜን ላይ ከዋለ ግን 5ቱን ወይም 6ቱን ቀን ሳይዘሉ መቁጠር ያስፈልጋል።

በየምሽቱ በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ከ1 እስከ 6 ካሉት አንድ ቁጥር ይገባል። 1 ማለት ፈጽሞ የለም፣ 2 ለምልክት ያህል፣ 3 ቀላል፣ 4 መካከለኛ፣ 5 ከባድ፣ 6 እጅግ ከባድ ነው። ቁጥሮቹ በየወሩ ትርጉማቸው እንዳይለዋወጥ ሰናይት በደብተሯ ሽፋን ላይ ለቁጣ መስመር የራሷን መለኪያ ጽፋ ነበር። 2 ማለት ተናድጄ ማንም አላወቀብኝም። 3 ማለት ፊቴ አስታወቀብኝ። 4 ማለት ልጄ ላይ ጮህኩ፣ ግን ራሴን ገታሁ። 5 ማለት ጮህኩ፣ መግታትም አቃተኝ። 6 ማለት ዕቃ ወረወርኩ ወይም ሥራ ጥዬ ወጣሁ።

ቁጥሩ የሚሞላው በዚያው ምሽት ነው፤ ከእራት በኋላ፣ ጥርስ ከተፋቀ በኋላ፣ ብቻ በየቀኑ ተመሳሳይ በሆነ ሰዓት። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የትናንትናውን ገልጦ እያዩ መሙላት አያስፈልግም፤ እንዲያውም በወረቀት ሸፍኖ መሙላት ይሻላል። አንድ ምሽት ከተረሳ ባዶ ይቀራል። ባዶ ሣጥን ከፈጠራ ቁጥር ይሻላል።

ሦስቱ ገጾች

አሁን ደብተሮቹን እንግለጥ፤ ከሰናይት እንጀምር። ዕድሜዋ 31 ነው፤ ባንክ ቤት ገንዘብ ያዥ ናት። ደብተሯን ስትጀምር የወር አበባዋ የመጣው ጥቅምት 4 ነበር። ቀጣዩ ኅዳር 2፣ ሦስተኛው ታኅሣሥ 1 መጣ። ከደብተሯ መጀመሪያ የሚፈለገው ሁለት ሳምንት ነው። አንዱ ደም ከመታየቱ በፊት ያለው 7 ቀን ነው፤ ለኅዳር 2 ይህ ከጥቅምት 25 እስከ ኅዳር 1 ያለው ነው። ሁለተኛው ደም ከታየበት ቀን ተቆጥሮ ከ4ኛው እስከ 10ኛው ቀን ያለው ነው፤ ይህም ከኅዳር 5 እስከ 11 ይሆናል። ደም የሚፈስባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በንጽጽሩ ውስጥ አይገቡም። ሕመሙ ገና እየለቀቀ የሚሄድበት፣ ቁርጠትም የሚኖርበት ጊዜ ስለሆነ ያደናግራሉ።

በቁጣ መስመር ላይ የሰናይት ክፉ ሳምንት እንዲህ ይነበባል፦ 3፣ 4፣ 5፣ 5፣ 6፣ 5፣ 5። ሲደመር 33፣ ለ7 ሲካፈል 4.7 ገደማ ነው። ደህናው ሳምንቷ ደግሞ 2፣ 1፣ 1፣ 1፣ 2፣ 1፣ 1 ይላል። ሲደመር 9፣ ሲካፈል 1.3 ገደማ ነው። 6 የጻፈችበት ቀን ጥቅምት 29 ነው፤ ከሥሩ በጥቃቅን ፊደል «መስኮቴን ዘግቼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ» የሚል አለ። በኅዳር 6 ሣጥን ሥር «ዛሬ ሰው ሆንኩ» ብላለች።

ሐኪሟ ይህን መስመር በሦስት ጥያቄ ፈተነችው። የመጀመሪያው፣ ክፉው ሳምንት እውነት ክፉ ነበር ወይ? በሳምንቱ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ቀን 4 ወይም ከዚያ በላይ መጻፍ አለበት። ሰናይት ስድስት ቀን ጽፋለች። ሁለተኛው፣ በሁለቱ ሳምንት መካከል ያለው ልዩነት በቂ ነው ወይ? ይህ የሚለካው ሴቲቱ ራሷ በተጠቀመችበት ስፋት ነው። ሰናይት ከ1 እስከ 6 ጽፋለች፤ ስፋቱ 5 ነው። ልዩነቱ ቢያንስ የዚህን 30 በመቶ፣ ማለትም 1.5 መሆን ይኖርበታል። የእርሷ 3.4 ነው። ሦስተኛው፣ ደህናው ሳምንት እውነት ደህና ነበር ወይ? በእነዚያ 7 ቀናት ከ3 የሚበልጥ ቁጥር መኖር የለበትም። የእርሷ ትልቁ ቁጥር 2 ነው።

በቁጣ መስመር ላይ ሦስቱንም አለፈች። በኀዘን፣ በስሜት መገለባበጥ፣ በድካም፣ በእንቅልፍና «ሁሉ ነገር ከብዶኛል» በሚለውም መስመር እንደዚሁ። በጠቅላላው ስድስት ምልክት ሆነ፤ የሥራና የቤተሰብ መስመሮቿም በነዚያው ቀናት 4 እና 5 ናቸው። በሁለተኛው ዙር፣ ከኅዳር 24 እስከ 30 እና ከታኅሣሥ 4 እስከ 10 ያለው ሲታይ፣ ሥዕሉ ተደገመ። ሐኪሟ ፒኤምዲዲ ነው አለቻት።

የመሠረት ደብተር ቀለል ያለ ነው። በቁጣ መስመር ክፉው ሳምንቷ 2፣ 3፣ 3፣ 4፣ 3፣ 3፣ 2 ይላል፤ አማካዩ 2.9 ገደማ። ከወር አበባ በኋላ ያለው ሁሉም 1 ነው። እንግዲህ ስሜቷ የወር አበባዋን ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል፤ «ይሰማኛል» ያለችው እውነቷን ነው። ነገር ግን 4 የጻፈችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ከፍ ያሉላት መስመሮችም ቁጣ፣ ጣፋጭ ማማርና የሆድ መነፋት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ የሥራዋ መስመር ከ2 አልዘለለም። ይህ የተለመደው ለውጥ ነው። መሠረት ሕመምተኛ አይደለችም፤ ከባድ ነገር እንዳያጋጥማት እነዚያን ጥቂት ቀናት አውቃ ብታልፋቸው ይበቃታል።

የገነት ደብተር ግን በደንብ ማየት ይጠይቃል። በኀዘን መስመሯ ክፉው ሳምንት 5፣ 5፣ 6፣ 5፣ 6፣ 5፣ 5 ነው። አማካዩ 5.3 ገደማ ነው፤ ከሰናይት ይበልጣል። ለክፉው ሳምንት ብቻ ቢፈረድ ከሦስቱ የከፋባት እርሷ ነች። ከወር አበባ በኋላ ያለው ሳምንት ደግሞ 4፣ 3፣ 4፣ 4፣ 3፣ 4፣ 4 ይላል፤ አማካዩ 3.7 ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 1.6 ነው። ገነት በወሩ ሙሉ ከ3 በታች ጽፋ ስለማታውቅ ስፋቷ 3 ብቻ ነው፤ 30 በመቶው 0.9 ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛውን ጥያቄም አልፋለች። የወደቀችው በሦስተኛው ነው። ሐኪሟ ጣቷን በደህናው ሳምንት ላይ አድርጋ «ገነት፣ እዚህ ጋ እንዴት ነበርሽ?» ስትላት ገነት ትንሽ ዝም ብላ «ያው ነኝ፤ ሁልጊዜ እንደዚያው ነኝ» አለች።

ነገሩ የተለየው በዚች መልስ ነው። ገነት ድብርት አለባት፤ የወር አበባ ሲቃረብ ይብስባታል እንጂ ሲመጣ አይለቃትም። ፒኤምዲዲ ብትባል ኖሮ የሚታከምላት አንዱ ሳምንት ሆኖ ሦስቱ ሳምንት ሳይታከም ይቀር ነበር። ድብርት፣ የጭንቀት ሕመም ወይም ሌላ የቆየ የአእምሮ ሕመም በእነዚህ ቀናት መባሱ የተለመደ ነው። ከፒኤምዲዲ ጋር የሚቀላቀለውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ደብተሩን የሚያበላሹ ነገሮች

አንደኛው በጅምላ መሙላት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ትቶ እሑድ ተቀምጦ የሰባቱን ቀን መጻፍ ትዝታን በሣጥን ማስቀመጥ ነው። ገጹ ራሱ ያሳብቃል፤ ቁጥሮቹ ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት አጣጣል ይደረደራሉ፣ 4 ከጀመረ ሳምንቱ ሁሉ 4 ይሆናል። በየምሽቱ የተሞላ ደብተር ግን አንዱ ቀን ሰማያዊ፣ ሌላው ጥቁር፣ አንዱም በልጅ እርሳስ የተጻፈ ነው፤ ቁጥሩም ወጣ ገባ ይላል።

ሁለተኛው ደህና ቀንን ሳይጽፉ ማለፍ ነው። «ዛሬ ምንም የለኝምና ምን እጽፋለሁ?» ይባላል። 1 ይጻፋል። ከላይ እንዳየነው ገነትን ከሰናይት የለያቸው የደህናው ሳምንት ቁጥር ነው፤ እርሱ ከሌለ ደብተሩ ምንም አይፈርድም።

ሦስተኛው የመጀመሪያውን ቀን መሳሳት ነው። 1ኛ ቀን የሚባለው ደም በደንብ የፈሰሰበት ነው። ከዚያ በፊት ጠብ ጠብ ያለው በነጥብ ተለይቶ ይመዘገባል እንጂ ቀን አያስቆጥርም።

አራተኛው የእርግዝና መከላከያ ነው። በአገራችን ብዙ ሴቶች የሦስት ወሩን መርፌ ይወስዳሉ፤ ብዙዎቹም በክንድ የሚቀበረውን ይጠቀማሉ። በእነዚህ የወር አበባ ሊዛባ ወይም ጨርሶ ሊቀር ይችላል፤ መርፌው እንቁላል እንዳይወጣም ያደርጋል። «በፊት» እና «በኋላ» የሚባለው መስመር ስለሚጠፋ ከላይ የተባለው ስሌት አይሠራም። እንዲህ ያለች ሴት ደብተሩን መሙላቷን ትቀጥል፤ መከላከያውን የጀመረችበትን ቀን ግን ከላይ ትጻፍና ለሐኪሟ ታሳይ። ስሜቷ የተለወጠው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሆነ እርሱም ራሱ ትልቅ መረጃ ነው። ለደብተር ብሎ መከላከያን በራስ ማቋረጥ ግን አይገባም።

ጾም፣ የሌሊት ፈረቃ፣ ጫት፣ ለቅሶ፣ የልጅ ትኩሳት፣ ከባለቤት ጋር ጠብ ያለበትን ቀን ከሣጥኑ ሥር በአንድ ቃል መጻፍ ይጠቅማል። ደብተሩን ሌላ ሰው እንዳያነበው የምትሰጋ ሴትም ምልክቶቹን ከሀ እስከ ተ በፊደል ብቻ መጻፍና ትርጉሙን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ትችላለች።

ከደብተሩ በኋላ

ሰናይት የተሰጣት ሕክምና ለድብርት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ፣ ፍሉኦክሰቲን ነው። በዚህ መድኃኒት ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ለድብርት ሲሰጥ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ለፒኤምዲዲ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሠራል። ስለዚህ አንዳንድ ሴቶች በየቀኑ ይወስዱታል፤ ሌሎች ደግሞ በሐኪም ምክር ከወር አበባ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ብቻ ወስደው ደም ሲመጣ ያቆሙታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህን መድኃኒት ለፒኤምዲዲ የፈቀደው በ2000 ነው። ድሮስፒሬኖን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ኪኒን የሚረዳቸው ሴቶችም አሉ፤ ሐሳብንና ልማድን የሚያርቅ የንግግር ሕክምናም ይጠቅማል። እነዚህ ካልሠሩ የእንቁልጢን ሥራ የሚያቆም መርፌ ይሞከራል፤ የአጥንት መሳሳት የመሳሰለ ጣጣ ስላለው ግን ወደ እርሱ የሚኬደው ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ነው።

ለገነት ያው የመድኃኒት ዓይነት ቢታዘዝላትም አወሳሰዱ ይለያል፤ በወሩ ሙሉ በየቀኑ፣ ለብዙ ወራት ነው። ለሁለት ሳምንት ብቻ ቢሰጣት ድብርቷን አያነሣላትም። ደብተሩ የለየው ስም ብቻ አይደለም፤ በየትኛው ቀን መድኃኒት እንደሚዋጥም ለይቷል። መሠረት መድኃኒት አላስፈለጋትም። በቂ እንቅልፍ፣ እንቅስቃሴና ቤተሰቧ አስቀድሞ ማወቁ በቅቷታል። ሰናይትም ደብተሯን አልጣለችውም። መድኃኒቱን ከጀመረች በኋላ ጥር ላይ የቁጣ መስመሯ ከ3 አለማለፉን ያየችው በዚያው ደብተር ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይለያል። ፒኤምዲዲ ካለባቸው ሴቶች መካከል በክፉው ሳምንት መሞትን እስከ መመኘት የሚደርሱ አሉ። እንዲህ ያለ ሐሳብ የመጣባት ሴት ሁለት ወር ደብተር መሙላት የለባትም። ዛሬውኑ ለምታምነው ሰው ትንገር፣ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። ደብተሩ በኋላ ይደርሳል።

ሌላዋ ግን፣ «ከወር አበባዬ በፊት ነው መሰለኝ» እያልሽ ዓመታት ያለፉብሽ እህቴ፣ ሐኪም ፊት ስትቀርቢ ክፉው ሳምንትሽ ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ብቻ አትንገሪ። ደህናው ሳምንትሽ የቱ እንደሆነ፣ ደህና ሳምንት እንዳለሽም፣ በቁጥር አሳዪ። ለዚህም የሚያስፈልግሽ አንድ ስኩዌር ደብተርና በየምሽቱ ሁለት ደቂቃ ነው። ዛሬ ማታ ጀምሪ፤ ምንም ካልተሰማሽም 1 ብለሽ ጻፊ።